የ100 ዶላሩ ጉዞ፦ አገር ከምትሸጠው በላይ ስትገዛ

 

በ2015 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የላከችው ሸቀጥ ዋጋ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ አበባው፣ ጫቱ፣ ወርቁ ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከውጭ የገባው ሸቀጥ ደግሞ 17.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ የምግብ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ መኪናውና ማሽኑ እዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ 13.5 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። የንግድ ጉድለት የሚባለው ይህ ልዩነት ነው።

ቁጥሩ በዜና ሲነበብ ብዙ ሰው የሚረዳው «አገሪቱ 13.5 ቢሊዮን ዶላር ከሰረች» ብሎ ነው። ዛሬ ይህን ቀስ ብለን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ኪሳራ አይደለም። ከተማም ሆነ ገጠር ያለ አድማጭ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። የውጭ ሻጭ ብር አይቀበልም። ቻይና ያለው ፋብሪካ፣ ጅዳ ወይም ኩዌት ያለው ነዳጅ አቅራቢ፣ ሁሉም የሚፈልገው ዶላር ወይም ሌላ የሚመነዘር ገንዘብ ነው። 3.6 ቢሊዮን ብቻ ያገኘች አገር 17.1 ቢሊዮን እንዴት ከፈለች? ዕቃው ገብቷል፤ ስለዚህ ሂሳቡ ተከፍሏል ወይም ለመክፈል ቃል ተገብቷል። ልዩነቱን የሸፈነው ማን ነው? በምን ውል ነው የሸፈነው? ጉድለት መልካም ይሁን መጥፎ የሚታወቀው በዚህ መልስ ነው።

አንድ ነጋዴ እናስብ። መርካቶ ውስጥ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ያስመጣል። የቻይናው ፋብሪካ የ100 ሺህ ዶላር ፕሮፎርማ ይልክለታል። ነጋዴው ፕሮፎርማውን ይዞ ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ያስመዘግባል፤ ሲፈቀድለት ብሩን አስገብቶ ኤል ሲ ይከፍታል። ኤል ሲ ማለት በአጭሩ የባንክ ቃል ነው፤ ፋብሪካው ዕቃውን መጫኑን የሚያሳይ ሰነድ ካቀረበ ባንኩ ዶላሩን ይከፍላል። ኮንቴይነሩ ጂቡቲ ይራገፋል፤ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተሠርቶለት ቀረጡ ተከፍሎ ይወጣል። ጉምሩክ ዕቃውን በመዘገበ ቅጽበት የአገሪቱ የገቢ ንግድ በ100 ሺህ ዶላር ከፍ ይላል፤ ጉድለቱም እንዲሁ።

ነጋዴው ለባንኩ ያስገባው ብር ነው። ባንኩ ለቻይና የከፈለው ግን ዶላር ነው። ያ ዶላር ከየት ተገኘ? ለምሳሌ ያህል ከ100 ሺሁ ውስጥ አንድ የመቶ ዶላር ኖት እንያዝና የዚያን ዓመት ሂሳብ በእሱ ላይ እንከፋፍለው።

3.6ን ለ17.1 ስናካፍል 21 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ከመቶው ዶላር 21 ዶላር ያህሉን ያመጡት ላኪዎች ናቸው። የይርጋጨፌ ቡና ጀርመን ደርሶ፣ የሁመራ ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ፣ የዝዋይ ጽጌረዳ ሆላንድ ተሽጦ የተገኘ ነው።

ቀሪው 79 ዶላር ነው። ከዚህ ትልቁ ድርሻ፣ የመቶው ግማሽ ያህል፣ የመጣው ሸቀጥ ተሽጦ አይደለም። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ለእናቷ የላከችው ገንዘብ አለበት። ዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ለታናሹ ትምህርት የላከው አለበት። እርዳታ አለበት። የአየር መንገዱ ቲኬትና የጭነት አገልግሎት አለበት። በሰው አገር ላብ ጠብ አድርጎ የተገኘ ገቢ ቡና ከመሸጥ በምን ያንሳል? የንግድ ሚዛን የሚባለው መዝገብ ግን ይህንን አይቆጥርም፤ እሱ የሚያውቀው በጉምሩክ በር የሚያልፈውን ሸቀጥ ብቻ ነው። ሐዋላ በጉምሩክ አያልፍም።

ሐዋላውን፣ እርዳታውንና አገልግሎቱን ጨምረን ሰፋ ባለው መዝገብ ስናሰላው የዚያ ዓመት ጉድለት ከ13.5 ቢሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይወርዳል። ኢኮኖሚስቶች ይህንን የጥቅል ክፍያ ሚዛን ዋና ክፍል አድርገው ያዩታል፤ በእንግሊዝኛው አጠራር «ከረንት አካውንት» ሲሉ የምትሰሙት ነው። ከመቶው ዶላር በብድር፣ በውጭ ኢንቨስትመንትና ከመጠባበቂያ በማውጣት የተሸፈነው እንግዲህ ከሩብ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ከዚህም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ኢንቨስትመንት ነበር፤ በዚያ ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ገብቷል። ፋብሪካ ሊከፍት ወይም የስልክ ማማ ሊተክል ዶላር ይዞ የመጣ ባለሀብት ማለት ነው። እሱም ቢሆን ትርፉን አንድ ቀን ወደ አገሩ ይወስዳል፤ ቢከስር ግን ኪሳራው የራሱ እንጂ የአገሪቱ ዕዳ አይሆንም።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ መዝገቡ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ገዝቶ ቦሌ ያሳርፋል እንበል። አውሮፕላኑ ሸቀጥ ነው፤ በገቢ ንግድ ይመዘገባል። በዚያ ወር የንግድ ጉድለቱ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ሊዘል ይችላል። ዜናውን የሰማ ሰው «በዚህ ወር ጉድለቱ ተባባሰ» ይላል።

ከዚያ አውሮፕላኑ ሥራ ይጀምራል። አንድ ናይጄሪያዊ ነጋዴ ከሌጎስ ተነሥቶ በአዲስ አበባ አድርጎ ጓንዡ ይሄዳል፤ ቲኬቱን የገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ከውጭ የተገኘ ገቢ ነው። ሆኖም ቲኬት ሸቀጥ ስላልሆነ በሸቀጥ ወጪ ንግድ ውስጥ አይታይም፤ አገልግሎት በሚለው ሌላ መዝገብ ይገባል። ስለዚህ አውሮፕላኑን ለመግዛት የወጣው ዶላር በዜና ከሚነበበው ጉድለት ውስጥ አለ፤ አውሮፕላኑ ለሃያ ዓመት የሚያመጣው ዶላር ግን እዚያ ውስጥ የለም። አየር መንገዱ በ2016 በጀት ዓመት 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅላላ ገቢ አስመዝግቧል። ከዚህ ገቢ የተወሰነው እዚሁ አገር የተሸጠ ቲኬት ነው፤ ወጪውም፣ በተለይ ነዳጁና ጥገናው፣ ብዙ ዶላር ይፈልጋል። ቢሆንም በዚያ ዓመት አገሪቱ በሙሉ ከላከችው ሸቀጥ ዋጋ በላይ ነው። እሱን ሳይቆጥሩ ስለ አገሪቱ የውጭ ገቢ መናገር ግማሹን ሂሳብ ማንበብ ይሆናል።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ስለሆነ።

በብድር የሚሸፈን ጉድለት በራሱ ክፉ አይደለም። ደቡብ ኮሪያን እንይ። ከጦርነቱ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየዓመቱ ከምትሸጠው በላይ ስትገዛ ኖራለች። የንግድ ሚዛኗ ወደ ትርፍ የተሻገረው እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስትገዛ የኖረችው በአብዛኛው ማሽን፣ ብረት፣ ነዳጅና ጥሬ ዕቃ ነበር፤ በእነሱም መርከብ፣ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ሠርታ ሸጠች። ጉድለቱ የዕድገቷ ወጪ ነበር። ብድሩን የከፈለው በብድሩ የተተከለው ፋብሪካ ነው።

ከዚችው አገር ሌላም ትምህርት አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ደረሰባት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998፣ ኮሪያ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የንግድ ትርፍ አስመዘገበች። እስከዚያ ድረስ አይታው የማታውቀው ትርፍ ነው። ነገር ግን ያ ዓመት ኢኮኖሚዋ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰበት፣ ብዙ ሕዝብ ሥራ ያጣበት፣ በትውልዱ ከታዩት ሁሉ የከፋ ዓመት ነበር። ትርፉ የመጣው ሽያጭ ጎርፎ ሳይሆን ግዢ ስለተቋረጠ ነው። ሰው ገንዘብ አጣ፣ ፋብሪካ ማሽን ማዘዝ አቆመ፣ ገቢ ንግዱ ወደቀ፣ ሚዛኑም «ተስተካከለ»። የንግድ ትርፍን ብቻ ዓይቶ የጤና ምልክት ነው የሚል ሰው ይህን ዓመት ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ብድሩ ራሱን ከፍሏል ወይ ለሚለው መልሱ የተደበላለቀ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ገበያ ቦንድ ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ዩሮቦንድ የሚባለው ነው። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ ዋናው ብድር የሚመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የ1 ቢሊዮን 6.625 በመቶ 66 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚከፈል በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል። ገንዘቡ ለኤሌክትሪክ መስመር፣ ለስኳር ፋብሪካዎችና ለኢንዱስትሪ ፓርኮች እንዲውል ታስቦ ነበር። ሐሳቡ የኮሪያን ይመስላል፤ ማሽን ገዝቶ፣ ምርት አምርቶ፣ ሸጦ መክፈል።

የስኳር ፋብሪካዎቹ ግን ለዓመታት ዘገዩ። ማሽኑ ገብቶ፣ በገቢ ንግድ ተመዝግቦ፣ ወለዱ መቁጠር ጀምሮ፣ አገዳው ሳይፈጭ ዓመታት አለፉ። ስኳርም ከውጭ መግዛታችን ቀጠለ። በኔ አመለካከት የአገራችን የጉድለት ታሪክ ዋናው ቁስል ይህ ነው። ማሽን በመግዛታችን አላጠፋንም፤ የተገዛው ማሽን ሳይዞር መቆየቱ ነው የጎዳን። በ2016 ታኅሣሥ ወር የወለዱ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት በወቅቱ የሰጠው ምክንያት በዕዳው ሁሉ ላይ እንደገና ድርድር እየተደረገ ስለሆነ አበዳሪዎችን በእኩል ዓይን ለማየት ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ አገሪቱ በዚያ ጊዜ የነበራት የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ የአንድ ወር ገቢ ንግድን እንኳ አይሸፍንም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

«ታዲያ ጉድለቱ ከበዛ ለምን ግዢውን አንከለክለውም?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ተሞክሯል። በ2015 ጥቅምት ወር መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤል ሲ እንዳይከፈት ከለከለ። ዝርዝሩ ውስጥ የቤት መኪና፣ ውስኪና ሲጋራ፣ የታሸገ ምግብና ሌላም ይገኝበት ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ዶላሩ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ እንዲተርፍ።

ቁጥሩን እንየው። ከእገዳው በፊት በነበረው በ2014 በጀት ዓመት ገቢ ንግዱ 18.1 ቢሊዮን፣ ወጪ ንግዱ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ጉድለቱ 14 ቢሊዮን። እገዳው በነበረበት በ2015 ገቢ ንግዱ ወደ 17.1 ቢሊዮን ወረደ፤ አንድ ቢሊዮን ተቀነሰ ማለት ነው። ወጪ ንግዱም ግን ወደ 3.6 ቢሊዮን ወረደ። ስለዚህ ጉድለቱ የጠበበው በግማሽ ቢሊዮን ብቻ ነው። ወጪ ንግዱን የጎዱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የቡና ዋጋ ነበረበት፣ የወርቁ ጉዳይ ነበረበት፤ ሁሉንም በእገዳው ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን ኤል ሲ የተከለከለ ዕቃ ሁሉ ከገበያ እንዳልጠፋ በከተማ የኖረ ሰው ያውቃል። በኮንትሮባንድ ይገባ ነበር፤ ዋጋው በጥቁር ገበያ ዶላር እየተሰላ። እንዲህ ሲሆን ዕቃው አይመዘገብም፣ ቀረጡ አይከፈልም፣ ዶላሩ ግን ከአገር ይወጣል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የተዛባ የምንዛሪ ዋጋ በላኪዎች ላይ ያደረገው ነው። አንድ ቡና ላኪ በአገር ውስጥ ገበያ ቡናውን የገዛበት ዋጋ፣ ውጭ የሚሸጥበት ዋጋ በባንክ ሲመነዘር ከሚያገኘው ብር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ቡናውን ሸጦ ይከስራል። እያወቀ ለምን ይልካል? ዶላሩን ስለሚፈልገው ነው። የላከ ሰው ከዶላሩ የተወሰነውን ለራሱ ግዢ መጠቀም ስለሚፈቀድለት፣ በዚያ ዶላር ብረት ወይም የመኪና ዕቃ ወይም ሌላ ሸቀጥ አስመጥቶ በአገር ውስጥ በውድ ይሸጣል። ቡናው ላይ የከሰረውን በገቢ ሸቀጡ ላይ መልሶ ያተርፋል። በዚህ መሐል ቡና ብቻ የሚልክ፣ ሌላ የሚያስመጣው ነገር የሌለው ሐቀኛ ላኪ ከገበያ ይወጣል። የኢትዮጵያን ቡና በውጭ በርካሽ የሚገዛው ገዢ ይጠቀማል። ክፍተቱን የሚከፍለው እዚህ ያለው የብረቱና የመኪናው ዕቃ ሸማች ነው። የብር ዋጋ ከሚገባው በላይ ሲያዝ እንዲህ ነው፤ የውጭ ዕቃ ለመግዛት ፈቃድ ያገኘ ሰው በርካሽ ይገዛል፣ የሚሸጥ ሰው ግን ይቀጣል። ጉድለቱንም የሚያሰፋው ይኸው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሣ። ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዚህ ለውጥ ዋጋ ከባድ ነበር፤ ደመወዝተኛውና ጡረተኛው በየገበያው የቀመሰው ነው፣ ማሳነስም አይገባም። የንግድ ሚዛኑ ላይ ግን የሆነውን እንመልከት። በ2017 በጀት ዓመት ወጪ ንግዱ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተባለ። በሁለት ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

አገሪቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርቷን እጥፍ አድርጋ ነው? በከፊል ብቻ ነው። ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል፤ መጠኑ ጨምሯል፣ የዓለም ዋጋውም በጣም ከፍ ያለበት ዓመት ነበር። ወርቁ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከለውጡ በፊት በነበረው ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የቀረበው ወርቅ 5 ቶን እንኳ አልሞላም። በ2017 ከ30 ቶን በላይ ሆነ፤ ዋጋውም ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አዲስ ማዕድን አልተቆፈረም። ወርቅ ቆፋሪው ቀድሞም ነበረ። ባንክ የሚሰጠው ብር ከጥቁር ገበያው በጣም ስላነሰ ወርቁ በድብቅ ድንበር ይሻገር ነበር። ዋጋው ሲስተካከል ያ ወርቅ በሕጋዊው በር ወጣና ተቆጠረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያለፉት ዓመታት ጉድለት የተባለው ከፊሉ ጉድለት አልነበረም፤ ሳይመዘገብ የወጣ ሽያጭ ነበር። የወርቁ ገንዘብ ጠፍቶ አልቀረም፤ በአብዛኛው በኮንትሮባንድ ዕቃ ተመልሶ መግባቱ አይቀርም፤ ያም አልተመዘገበም። አሁን የሚታየው መሻሻልም ከፊሉ እውነተኛ ዕድገት፣ ከፊሉ የተስተካከለ ቆጠራ፣ ከፊሉ ደግሞ የዓለም የቡናና የወርቅ ዋጋ ነው። የዓለም ዋጋ እንደወጣ ይወርዳል፤ በቆጠራ የመጣው መሻሻልም አንድ ጊዜ የሚገኝ እንጂ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ጉድለትን ከአንድ አገር ጋር ብቻ ማየት። «ከቻይና ጋር ያለን ጉድለት» የሚለውን ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አንድ መምህር በየወሩ ከሰፈሩ ሱቅ ይገዛል፤ ባለሱቁ ግን ከመምህሩ ምንም አይገዛም። መምህሩ ደመወዙን ከትምህርት ቤቱ ያገኛል እንጂ ከባለሱቁ አይጠብቅም። ኢትዮጵያም ማሽን ከቻይና ትገዛለች፤ ቡናዋን ለጀርመንና ለሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጫቷን ለጂቡቲና ለሶማሊያ ወገን ትሸጣለች። ከእያንዳንዱ ጋር እኩል መሆን የለባትም።

ይህ ስሕተት በትልቅ አገር እጅ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጎዳ እንደ ፈረንጆቹ በ2025 ሚያዝያ አይተናል። የአሜሪካ መንግሥት በየአገሩ ላይ ቀረጥ ሲጥል የተጠቀመበት ስሌት ከዚያ አገር ጋር ያለውን የሸቀጥ ጉድለት ከዚያ አገር ለሚገባው ዕቃ ማካፈል፣ ከዚያም ለሁለት መክፈል ነበር። ሌሶቶ የምትባለው በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ድሃ አገር ለአሜሪካ ጂንስና አልማዝ ትሸጣለች፤ ከአሜሪካ የምትገዛው ግን ከጥቂት ሚሊዮን ዶላር አያልፍም፤ ሕዝቧ አቅም የለውም፣ የሚፈልገውንም ከጎረቤት ከደቡብ አፍሪካ ያገኘዋል። ስሌቱ 50 በመቶ ቀረጥ አወጣባት። ከማንም በላይ የተቀጣች እሷ ነበረች። በኋላ ቀረጡ ቢቀነስም፣ በመሐሉ ትዕዛዝ የተሰረዘባቸው የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። በዚያ ላይ አሜሪካ ራሷ እንደ ፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ ጉድለት ውስጥ ናት፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የዓለም ትልቁ ኢኮኖሚ ሆና ቆይታለች። እርግጥ ነው እሷ የምትከፍለው በራሷ ዶላር ነው፤ እኛ የምንከፍለው በሰው ገንዘብ ነው። ለእኛ ጥንቃቄው የሚጠብቀውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የንግድ ጉድለት ዜና ስትሰሙ ከጉድለቱ አጠገብ ሌላ ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው መጠባበቂያው ነው። ብሔራዊ ባንክ ያለው የውጭ ምንዛሪ የስንት ወር ገቢ ንግድ ይሸፍናል? ባለሙያዎች ሦስት ወርን እንደ ዝቅተኛ ወለል ሲጠቅሱት ትሰማላችሁ። ጉድለቱ 13 ቢሊዮን ሆኖ መጠባበቂያው ከፍ እያለ ከሆነ፣ ዶላሩ በሐዋላም ይሁን በሌላ መንገድ እየገባ ነው። ጉድለቱ ጠብቦ መጠባበቂያው ካሽቆለቆለ ደግሞ፣ በዜናው ያልተነገረ ችግር አለ ማለት ነው።

ሌላው በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው የዶላር ዋጋ ልዩነት ነው። ይህን ለማወቅ ሪፖርት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ሐዋላው ከባንክ ይሸሻል፣ ወርቁ ወደ ድንበር ይሄዳል፣ የቡና ላኪው ሂሳብ ይዛባል። ከ2016 ሐምሌ በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር፤ በሽታው እዚያ ላይ ይታይ ነበር።

ከገቢ ንግዱ ውስጥ ምን እንዳለ ማየትም ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ በሚያወጣው ሪፖርት ገቢ ንግዱ ተከፋፍሎ ይቀርባል፤ የካፒታል ዕቃ፣ ጥሬ ዕቃና በከፊል የተዘጋጀ ዕቃ፣ ነዳጅ፣ የፍጆታ ዕቃ እየተባለ። መጀመሪያ ላይ ያየነው የመርካቶ ነጋዴ ፓምፕ በካፒታል ዕቃ ውስጥ ነው። ፓምፑ መቂ አካባቢ ያለ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተተክሎ ቲማቲምና ሽንኩርት ካወጣ፣ ከሽንኩርቱም ከፊሉ ጂቡቲ ከተሸጠ፣ 100 ሺህ ዶላሩ በጥቂት ዓመት ይመለሳል። ፓምፑ መለዋወጫ አጥቶ ወይም ነዳጅ ተወድዶበት መጋዘን ውስጥ ከቆመ ግን፣ በመዝገቡ ላይ ያው የካፒታል ዕቃ ሆኖ ይቀጥላል። ሪፖርቱ ፓምፑ መግባቱን ይነግረናል እንጂ ውሃ መሳቡን አይነግረንም። ያንን ለማወቅ መቂ መውረድ ያስፈልጋል።

የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ይመስላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐዋላ በምን መንገድ እንደሚገባና ላኪው ምን ያህል እንደሚከፍል ይዘን እንቀርባለን።